የቀላል ግጭት ቦታ ማስረጃ

የቀላል ግጭት ቦታ ማስረጃ ሰው ያልተጎዳበት የተሽከርካሪ ግጭት ለመድን ድርጅት ከመነገሩ በፊት በስፍራው የሚነሳው ፎቶግራፍና የሚያዘው ማስታወሻ ነው። በኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ በመሆኑ፣ የሌላኛው መኪና ታርጋ፣ የመድን ድርጅቱና የፖሊሲ ቁጥሩ፣ የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድና በሊብሬው ላይ ያለው የባለቤት ስም ይመዘገባሉ። ሰዓቱ፣ ትክክለኛው ቦታና የምስክሮች ስልክም ይጨመራሉ።

ከሁሉ የሚቀድመው መኪኖቹ ሳይነቃነቁ ከአራቱም አቅጣጫ ራቅ ተብሎ የሚነሳው ፎቶ ነው፤ መኪኖቹ ከቦታቸው ከተንቀሳቀሱ በኋላ አቀማመጣቸውን መልሶ ማሳየት አይቻልምና። ለምሳሌ አንድ መኪና ረድፍ ሲቀይር የሌላውን ጎን ቢገጭ፣ ጥፋቱን ለመለየት የሚረዱት የመንገዱ መስመር፣ የፊት ጎማዎቹ የዞሩበት አቅጣጫ፣ የፍሬን ምልክትና የመስታወት ስብርባሪ የወደቀበት ቦታ ናቸው። የፓራፋንጎው ጭረት ብቻውን በቅርብ ከተነሳ ይህን አይናገርም። የቅርብ ፎቶ የሚያስፈልገው የጉዳቱን ከፍታና ከሌላው መኪና የተላለፈውን ቀለም ለማሳየት ሲሆን፣ አዲሱን ጉዳት ከነባሩ ለመለየትም ያገለግላል። ፎቶው የትራፊክ ፖሊስን ፕላን አይተካም።