ሻንካ ምን አጠፋ?

ለከሚሴ ሰው ኦዳ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ኦሮሞ በጥላው ሥር ተሰብስቦ የመከረበትና ሕግ ያወጣበት ዛፍ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህንን ዛፍ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተመለት የእንግሊዝኛ ተውኔቱ፣ በ«ኦዳ ኦክ ኦራክል»፣ መድረክ ላይ አቆመው። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ የተወለደው ጸጋዬ ሕግ ካጠና በኋላ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቴአትር ሙያ ተምሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት፦ በተውኔቱ ውስጥ የበኩር ልጅን ለመሥዋዕት የሚጠይቀው የዛፉ ቃል አቀባይ የደራሲው ፈጠራ እንጂ የገዳ ሥርዓት ታሪክ አይደለም።

ቃል አቀባዩ፣ ሻንካ የተባለ ሰው ኡኩቲ የተባለችን ሴት እንዲያገባና የመጀመሪያ ልጃቸው ለሙታን አባቶች እንዲሠዋ ይወስናል። ሻንካ ያገባታል፤ ልጁ እንዳይሞት ግን ሊቀርባት አይፈቅድም። ኡኩቲ ሚስት ተብላ ሚስት ሳትሆን ትቀራለች። በመጨረሻ ወደ ባሏ ጓደኛ ወደ ጎዓ ትሄድና ከእሱ ታረግዛለች። ሁለቱ ወዳጆች እንዲፋለሙ ይፈረድባቸዋል፤ ሻንካ ጎዓን ይገድላል። ኡኩቲ በወሊድ ትሞታለች። ሻንካ ከሕፃኑ ጋር በሕዝቡ ቁጣ ፊት ይቀራል።

የድራማ ትምህርት ጀማሪዎች «የሻንካ ጉድለት ምንድን ነው?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ አንድ መጥፎ ጠባይ ይፈልጋሉ፤ ፍርሃት ወይም እልኸኝነት ይላሉ። አርስቶትል ግን «ስለ ግጥም ጥበብ» በተባለው መጽሐፉ፣ የትራጄዲ ጀግና ፍጹም ጻድቅም ክፉም ያልሆነ፣ በክፋት ሳይሆን በአንድ ከባድ ስሕተት የሚወድቅ ሰው ነው ይላል። የሻንካ ስሕተት ትእዛዙን ለሁለት መክፈሉ ነው። ጋብቻውን ተቀበለ፣ መሥዋዕቱን ግን ሸሸ። ጨርሶ እምቢ ቢል ቅጣቱ በራሱ ላይ ይወርድ ነበር፤ ግማሹን መፈጸሙ ግን ዕዳውን በኡኩቲ ላይ ጣለው። የሶፎክልስ ኤዲፐስም ከትንቢቱ ሲሸሽ ነው ወደ ትንቢቱ የገባው።

ለማጣራት አንድ መንገድ አለ። የጠረጠርከውን ጉድለት ከታሪኩ አውጣና ውድቀቱ አሁንም ይመጣ እንደሆነ ተመልከት። ሻንካን የፈለግከውን ያህል ደፋር አድርገው፤ ጎዓን ከመግደል አይተርፍም። ያን ግማሽ መታዘዝ ስታወጣ ግን ኡኩቲ ወደ ጎዓ የምትሄድበት ምክንያት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይፈርሳል።

አርስቶትል ካታርሲስ ያለው፣ በርኅራኄና በፍርሃት በኩል የሚመጣ የስሜት መንጻት፣ የሚነሣው ከዚሁ ስሕተት ነው። ራሱ ቃሉን በሰፊው ስላላብራራው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዚህ ተውኔት ግን ሁለቱ ስሜቶች የት እንዳሉ ይታያል። ኡኩቲ የምትለምነው ማንኛዋም ሚስት የሚገባትን ነው፤ ርኅራኄው ከዚያ ይመጣል። ፍርሃቱ የሚመጣው ሻንካ ልጁን ለማዳን ያደረገውን ማናችንም ልናደርገው ስለምንችል ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በውድቀቱ «ይበለው» ብለን እንሄድ ነበር።

ስለዚህ ተውኔቱን የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪው «ሻንካ ፈሪ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ገና ሙሉ ነጥብ አትስጡት፤ «ፈሪ ባይሆንስ?» ብላችሁ መልሱለት።