አራስ እንድትተኛ ሌሊቱን ለሁለት መካፈል

አገር ቤት አራስን እናቷና ጎረቤት ይጠብቋታል። እዚህ ጁባ፣ ጉዴሌ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ባል ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ሌሊቱን የተካፈልነው እንዲህ ነው።

እሷ ማታ 3 ሰዓት ላይ አጥብታ ትተኛለች። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተረኛው እኔ ነኝ፤ ከዚያ እስኪነጋ እሷ ትረከበኛለች። በኔ ተራ ሕፃኑ ሲነቃ መጀመሪያ ጨርቁን ቀይሬ አጠገቧ አደርገዋለሁ። ደማቅ መብራት አላበራም፤ እሷም ሳትነሳ በጎኗ ታጠባዋለች። ሲጠግብ ወስጄ አስገሳዋለሁ፣ አጎበር ውስጥ በጀርባው አስተኛዋለሁ። እሷ ወዲያው እንቅልፏን ትቀጥላለች።

ወተት አልቦ ለሌሊት ማስቀመጥስ? የታለበ የጡት ወተት በ25 ዲግሪ ሙቀት የሚቆየው ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። የጉዴሌ ቆርቆሮ ቤት ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ፣ ፍሪጅ ከሌለ ልጁን ወደ እናቱ ማምጣት ይሻላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ፣ እናት ትተኛ ተብሎ ሳይጠባ አይደር።

ሕፃኑ ተኝቶ፣ ተራውም የባል ሆኖ፣ እናት ሌሊት በሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ወይም ለቅሶው ከ2 ሳምንት ካለፈ ድካም ብቻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ሰዓት ውሰዷት።