ቃለ አጋኖዋ የት ገባች?

በዕብራይስጥ ገጽ ውስጥ «ስብሰባው በ3 ሰዓት ነው!» ብላችሁ ጻፉ። አማርኛው ደህና ይቀመጣል፤ ቃለ አጋኖዋ ግን ግራ ጫፍ ላይ፣ ከ«ስብሰባው» ፊት ጉብ ትላለች። በአራት ነጥብ (።) ብትጨርሱት ግን ንቅንቅ የለም!

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ የዕብራይስጥ ገጾች ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው ያስቀምጡ ነበር። ታዲያ መስመሩ ሲታጠፍ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይኛው መስመር ላይ ይወጣል፤ ጉድ እኮ ነው! ዩኒኮድ ጽሑፉ በሚነበብበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ፣ አቅጣጫው ሲታይ ይወሰን አለ። ለዚህም ለእያንዳንዱ ምልክት ጠባይ ሰጠው። የእኛ ፊደልም አራት ነጥቡም «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብለው ተመዘገቡ። «!» ግን የሁሉም ስለሆነች የራሷ አቅጣጫ የላትም፤ መጨረሻ ላይ ስትቆም የአንቀጹን ትከተላለች። አንቀጹ ደግሞ ዕብራይስጥ ነው።

በ1997 የወጣው HTML 4.0 መፍትሔውን ይዞ መጣ፦

```
<p dir="ltr">ስብሰባው በ3 ሰዓት ነው!</p>
```

ተራ መልእክት ላይ ከሆነ፣ ከ«!» ቀጥሎ የማይታየውን U+200E ማስገባት ይበቃል። እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አራት ነጥቧን መርጠናል።