የደም ልገሳ ጥሪ በቄራ

የደም ልገሳ ጥሪ፣ ሰዎች በተወሰነ ቀንና ቦታ በፈቃዳቸው ደም እንዲሰጡ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ነው። ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ማን መለገስ ይችላል? የት? መቼ? በአዲስ አበባ ቄራ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የጾሙንም ወቅት ማወቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የተደራጀ የደም አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኃላፊነቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ዛሬ ሥራውን የሚመራው ተቋም የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ይባላል። ቀድሞ ደም የሚገኘው በአመዛኙ በምትክ ነበር፤ ሕመምተኛ ደም ሲያስፈልገው ቤተሰቡ በምትኩ ይሰጥ ነበር። ምትክ ለጋሽ ግን ዘመዱን ለማዳን ስለሚጨነቅ የራሱን የጤና ታሪክ ሊደብቅ ይችላል። ይህ ሥርዓት ለበጎ ፈቃድ ልገሳ ቦታውን እየለቀቀ ሲመጣ፣ ማስታወቂያ የደም አሰባሰቡ ዋና መነሻ ሆነ።

ማን?

በኢትዮጵያ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው መለገስ ይችላል። አንድ ጊዜ የሰጠ ሰው በድጋሚ ለመስጠት 3 ወር መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አይለግሱም። ሕመም ላይ ያለ፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም በቅርቡ የተነቀሰ ሰው ግን ራሱን በራሱ ከማግለል ይልቅ በቦታው ያለውን ባለሙያ ቢጠይቅ ይሻላል፤ አንዳንዱ ለጊዜው ብቻ እንዲቆይ ይነገረዋልና።

ማስታወቂያው በግልጽ መናገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። የተሰበሰበው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል። ሆኖም በሽታው ከያዘው ገና ጥቂት ጊዜ የሆነው ሰው በምርመራው ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ራሱን ለመመርመር ብሎ ደም የሚሰጥ ሰው ሳያውቀው ተቀባዩን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ምርመራ የፈለገ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ ማለት ይበቃል።

የት?

የቄራ ሰው ቦታ የሚያውቀው በመንገድ ስም ሳይሆን በታክሲ መውረጃ፣ በገበያና በአካባቢው በሚታወቅ ምልክት ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ግን ችግር ይፈጠራል፤ ካዛንቺስ ምሳሌ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ካዛንቺስ ውስጥ ድሮ በሚታወቅ ምልክት የሚመራ ማስታወቂያ ለጋሹን ባዶ ሜዳ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ጸሐፊው ምልክቱ ዛሬም መኖሩን በእግሩ ሄዶ ማየት፣ ከዚያም ለጋሹ ከመውረጃው ስንት ደቂቃ እንደሚራመድ መጻፍ አለበት።

መቼ?

ሰዓቱ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። በባዶ ሆዱ ደም የሚሰጥ ሰው ሊያዞረው ይችላል። ፊቱ ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ዓይኑ ከጨለመበት ባለሙያው ወዲያው አጋድሞ እግሩን ከፍ ያደርግለታል። በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሻለዋል፤ ቢሆንም ሰዎች በልተው በሚመጡበት ሰዓት መጥራት ችግሩን አስቀድሞ ይቀንሰዋል። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ምእመናን እስከ ከሰዓት ስለሚጾሙ ለጠዋት ጥሪ አይመቹም፤ ዓርብ ቀትር ደግሞ የጁምዓ ሶላት አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ቅዳሜና እሑድ በአጽዋማትም ውስጥ ከጥሉላት ምግብ ይከለከላል እንጂ እስከ ከሰዓት ሳይበሉ መዋል አይጠበቅም። ቅዳሜ ጠዋት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የሚያበቃበት ሰዓትም መጻፍ አለበት። ከለጋሹ የሚወሰደው ደም ወደ ቀይ የደም ሴል፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ሊለያይ ይችላል፤ ለዚህም ከተቀዳ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ባንክ መድረስ አለበት። ተንቀሳቃሽ ቡድኑ ዘግይቶ በመጣ ሰው ምክንያት ቢቆይ በጠዋት የተሰበሰበው ደም ይዘገያል።

የቄራ ናሙና

እስከ አሁን የተባለውን በአንድ ጥሪ ላይ ማየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ማስታወቂያ ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው።

*ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ቄራ በወጣት ማዕከሉ ግቢ፤ ከታክሲ መውረጃው በእግር 3 ደቂቃ። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ባለፉት 3 ወራት ደም ያልሰጣችሁ ኑ። ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። ክፍያ የለም። ከምዝገባ እስከ መሄጃችሁ ከ1 ሰዓት አይበልጥም።*

በቦታው ለጋሹ መጀመሪያ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ ክብደቱና የደም ግፊቱ ይለካል፤ ከጣቱም ጠብታ ደም ይወሰዳል። በጠብታው የሄሞግሎቢኑን መጠን ለማወቅ ከሚጠቅሙ ዘዴዎች አንዱ ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ፈሳሽ ነው፤ ጠብታው ቶሎ ከሰመጠ ደሙ በቂ ሄሞግሎቢን አለው ማለት ነው፤ ከተንሳፈፈ ግን ለጋሹ ለጊዜው ይመለሳል። ደሙን መቅዳት ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ለጋሹ ተቀምጦ ይጠጣል፣ ብስኩት ይበላል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያርፋል።

ቀኑ ኅዳር 13 የሆነው በምክንያት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ ጥሪው የሚውለው ጾሙ ከመግባቱ 2 ቀን በፊት ነው። ሆኖም ቀይ የደም ሴል በተለመደው ማቆያ ውስጥ ከ35 ቀን በላይ አይቀመጥም። ኅዳር 13 የተቀዳው ታኅሣሥ 18 ላይ ጊዜው ያልፋል፤ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። ከጾሙ በፊት የተሰበሰበው ደም ጾሙን አይሻገርም ማለት ነው። የቄራ ለጋሾች 3 ወር ስላልሞላቸው ሁለተኛው ጥሪ ለሌላ ሰፈር፣ ለምሳሌ ለካዛንቺስ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ሊሆን ይችላል።

የቄራዎቹ 3 ወር የሚሞላው የካቲት 13 ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ የረመዳን ጾምም በዚያው ሰሞን ይጀምራል። ጥሪውን የሚያዘጋጀው ሰው ለክርስቲያኑ ቅዳሜን ቢመርጥ እንኳ ሙስሊሙ በቀን አይበላም። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል፣ ሁለቱም ጾሞች ካለቁ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚያዝያ 10 ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ለለጋሹ በሚሰጠው ካርድ ላይ የሚጻፈው ቀጠሮም ይኸው ነው።