የተሰማ እሸቴ ሸክላዎችና የተበደረ ጊዜ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ሸክላዎች፣ ለገበያ ከወጡ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የላኳቸው ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ነበር፤ ዘፈኑ በመንገድ ላይ የተገኘ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 በፎኖግራፍ መልእክት ልከው፣ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 በዚያው መንገድ መልሰዋል። የተሰማ ሸክላዎች መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ታትመው ለሰሚ ደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ እኛም ምዕራብ ጎጃም ተቀምጠን ልንመረምራቸው ችለናል።

ስለዚሁ ምርመራ ለጉባኤ የሚላከው አጽሕሮት ከሁለት መቶ ቃል እንዳያልፍ ተብሏል። ጥያቄው አንድ ነው፦ እነዚህ ሸክላዎች ስለ ሩባቶ ምን ሊነግሩን ይችላሉ? ሩባቶ ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ ከአንዱ ድምፅ ጊዜ ተበድሮ ሌላውን ሲያስረዝም የሚሰማው መለጠጥ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። በአንደኛው አጃቢው ምቱን ሳይለቅ ዜማው ብቻ ይዘገያል ወይም ይቀድማል፤ በሁለተኛው ዜማውም አጃቢውም አብረው ይፈጥናሉ፣ አብረው ይዘገያሉ። ሮበርት ፊሊፕ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የአውሮፓን የጥንት ቅጂዎች መርምሮ፣ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ኋላ ከመጡት ይልቅ ፍጥነትን እንደ ልብ ይለዋውጡ እንደነበር አሳይቷል። ይህን መለኪያ ወስዶ የተሰማን ዘፈን በሚያጅበው ማሲንቆ ላይ መጫን ግን አያዋጣም። ፒያኖ ተጫዋች የተጻፈ ኖታ ፊቱ ስላለ፣ የዘገየው ከምን እንደሆነ ይታወቃል። በማሲንቆ የሚዘፍን ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም።

ያለው ግጥሙ ነው። የወል ቤት ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም አለው፤ ስድስት ላይ ያርፍና ቀሪውን ስድስት ይዞ ቤት ይመታል። እንግዲህ መለካት የሚገባው በሙዚቃ መስመር ሳይሆን በስንኝ ነው፦ የመጀመሪያው ስድስት ቀለም ስንት ጊዜ ወሰደ፣ ሁለተኛው ስንት፣ ቤት የሚመታው የመጨረሻ ቀለም ስንት። መለጠጡ ሁሉ በመጨረሻው ቀለም ላይ ከተከማቸ የዘፈን ልማድ ሊሆን ይችላል። ከስንኝ ስንኝ ቦታውን የሚቀያይር ከሆነ ደግሞ ዘፋኙ ለቃሉ ትርጉም ብሎ ያደረገው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሣሪያው ጣጣ ነው። ማይክሮፎን ወደ ሸክላ ቀረጻ የገባው በ1925 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ ቀንድ በሚመስል ማጉሊያ ፊት ቆሞ ይዘፍን ነበር፤ የድምፁ ኃይል ብቻውን መርፌውን እያንቀሳቀሰ ሰም ላይ ይቀርጻል። ቆርጦ መቀጠል የለም። ቀንዱ ኃይለኛ ድምፅን ያነሣል፣ ቀጭኑን ይተዋል፤ ስለዚህ ድምፅ ጎልቶ ማሲንቆ ሊደበዝዝ ይችላል። ለሩባቶ ፈላጊ ይህ ክፉ ዜና ነው፤ ምቱን ይዞ የሚጠብቀው ማሲንቆው ነውና።

ከዚህም የሚብሰው የመዞሪያው ፍጥነት ነው። እንዲህ ያሉ ሸክላዎች ባለ 78 ዙር ይባሉ እንጂ ያን ጊዜ ቀረጻው በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ዙር ባለው መካከል በየቦታው ይለያይ ነበር። በ74 ዙር የተቀረጸ ዘፈን በ78 ቢጫወት ቃናው ወደ ግማሽ ድምፅ የሚጠጋ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንግዲህ «ይህ ስንኝ ስድስት ሴኮንድ ወሰደ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። ንጽጽሩ ግን አይነካም። አንድ ስንኝ 6 ሴኮንድ፣ ቀጣዩ 9 ሴኮንድ ወስዶ ቢሆን፣ በስሕተቱ ፍጥነት የምንሰማው 5.69 እና 8.54 ነው፤ ሁለተኛው ግን አሁንም የመጀመሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በአጽሕሮቱ ውስጥ ሴኮንድ የሚባል ቃል ያልገባው ለዚህ ነው።

ይህ የሚሠራው ፍጥነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሆን ነው። መሣሪያው መሐል ላይ ቢደክም እንዴት ይታወቃል? የማሲንቆውን ቃና በመከተል። በቀረጻው ጊዜ መዞሪያው ከዘገየ፣ በእኩል ፍጥነት ሲጫወት ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ቃናውም ይወጣል፤ በማጫወቻው ጊዜ ከዘገየ ዘፈኑም ቃናውም ይወርዳሉ። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ጥፋቱ የማሽን ነው። ዘፈኑ ሲዘገይ ቃናው ባለበት ከቆመ የሰው ሥራ ነው። ቃናው ብቻ ወርዶ ምቱ ካልተነካ ደግሞ የማሲንቆው ጭራ ላልቷል።

ሦስተኛው ወጥመድ የሸክላው መጠን ነው። አሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ፊቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ጠጅ ቤት የሚያዜም አዝማሪ «ተቀበል» የሚለው ሰው ግጥሙን እስኪጨርስ እየከረከረ ይጠብቃል፤ መጠበቁ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። ቀንድ ፊት የቆመ ሰው ይህ የለውም። ወደ መጨረሻው መፍጠን ቢሰማ ማየት የሚገባው የትኛው እንዳጠረ ነው። በስንኞች መካከል ያለው የማሲንቆ ጊዜ ብቻ አጥሮ ስንኙ እንዳለ ከቀረ፣ ያጣደፈው የሸክላው ዳር ነው እላለሁ። ዛሬ ቡሬ የሚሰማውን አዝማሪ ለ1908 ምስክር አድርጎ መጥራት የማልፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘመኑም ቦታውም የተለየ ነው።

ይህን ሁሉ አጥብቤ የላክሁት እንዲህ ይነበባል።

«ይህ ጥናት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ጀርመን ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች መነሻ በማድረግ፣ በጥንታዊ የአማርኛ ዘፈን ቅጂዎች ሩባቶ እንዴት ሊጠና እንደሚችል ይመረምራል። የአውሮፓ ጥናቶች ፍጥነትን ከተጻፈ ኖታ ጋር ያነጻጽራሉ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሌለበት የማሲንቆ ዘፈን ግን መለኪያ የሚሆነው የግጥሙ ስንኝና ቤት መምቻው ነው የሚል ሐሳብ እናቀርባለን። የሸክላዎቹ የመዞሪያ ፍጥነት በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ፣ ውጤቱ የሚገለጸው በስንኞች መካከል ባለው የርዝመት ንጽጽር ብቻ ነው። የማሲንቆውን ቃና በመከተል የማሽኑን መለዋወጥ ከዘፋኙ ፈቃድ እንለያለን፤ የሸክላው አጭር ጊዜ ያስከተለውን ጥድፊያም የስንኞችን ርዝመት ከመሸጋገሪያ ጨዋታው ርዝመት ጋር በማስተያየት እንፈትሻለን። ማሲንቆው በግልጽ የማይሰማባቸው ክፍሎች ከመለኪያው ይወጣሉ። ጥናቱ በአንድ ሰው ድምፅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ስለ ዘመኑ አዝማሪዎች ሁሉ ፍርድ አይሰጥም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጣው ያለኝ ወዳጅ አለ፤ ራስህን ታሳንሳለህ በማለት። አላወጣሁትም። ተሰማ ጌታ ሰው ነበሩ፣ ኋላም የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆነዋል፤ ኑሯቸውን በማሲንቆ የሚገፉ አዝማሪ አልነበሩም። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የሰበሰቡት «ሰምና ወርቅ» የተባለው የቅኔያቸው መድበል ስለ ባለቅኔው ብዙ ይነግረናል፤ በዚያው ዘመን ጎጃም ውስጥ ከድግስ ድግስ እየዞረ ሲያዜም ስለ ኖረ ሰው የፍጥነት ልማድ ግን አይነግረንም።