ከድምፅ ወደ ጽሑፍ፤ የቃል ማስረጃ አጻጻፍና የቡልቡላው ምሳሌ

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የላኩት መልእክት፥ በአማርኛ ተነግረው ድምፃቸው ለትውልድ ከተረፈልን ቃሎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ንግሥቲቱ አስቀድመው በ1898 የራሳቸውን ቃል በሰም ሲሊንደር ላይ አስቀርጸው ልከው ነበር፤ ሆኖም ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስላዘዙ የእርሳቸው ድምፅ አልቀረልንም። የምኒልክና የጣይቱ ግን ተረፈ። የንጉሠ ነገሥቱንም ቃል አብርሃም ደሞዝ በጽሑፍ አስፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ አሳተሙት። ከተነገረበት እስከ ታተመበት ሰባ ዓመት መሆኑ ነው።

የሰም ሲሊንደር በተሰማ ቁጥር መርፌው እየፋቀው ይሄዳል፤ ስለዚህ ቃሉን ለማጣራት ደጋግሞ ማድመጥ ራሱ ቃሉን ማጥፋት ነው። የተቀዳበት ፍጥነትም በትክክል ካልታወቀ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይጎረናል። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከፋው ችግር በመሣሪያው ሳይሆን በአድማጩ ጆሮ ላይ ያለ ነው። የቤተ መንግሥት ንግግር በታወቀ የሰላምታና የምስጋና ሥርዓት የሚጓዝ ስለሆነ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በሚንሻጠጠው ድምፅ መካከል የጎደለውን ቃል ከልማድ አውጥቶ ይሞላዋል። ብዙውን ጊዜም ትክክል ይሆናል። ነገር ግን የሰማውንና የሞላውን ለይቶ ካላሳየ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ በማስረጃነት ይጠቅሳቸዋል።

የንጉሠ ነገሥቱ መልእክት አንድ ሰው አስቦበት የተናገረው ቃል ነበር። ቴፕ መቅረጫ በየገጠሩ መዞር ከጀመረ ወዲህ ግን የታሪክ ተመራማሪው የሚያመጣው ከዚህ የተለየ ነው፤ በግራር ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ፥ ከጎናቸው ባለቤታቸው፥ አልፎ አልፎ ጣልቃ የሚገባ ጎረቤት፥ ማይክሮፎኑን የሚመታ ነፋስ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። የአንድ ሰዓት ንጹሕ ቅጂን ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል ይባላል፤ ሦስት ሰው የሚናገርበት ከሆነ ይህ ስሌት አይበቃም።

ለማስረዳት ያህል በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች መካከል ባለችው በቡልቡላ የተቀዳ አንድ ቃለ መጠይቅ ይታሰብ። ጠያቂው የገጠር መሬት ከታወጀበት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. በፊት ስለ ነበረው የጭሰኞች ኑሮ ይጠይቃል፤ «የባለመሬቱ ወኪል እህል ሊሰፍር ሲመጣ ምን ይሆን ነበር?» ይላል። ሽማግሌው፥ «መንደሩ ሲደርስ ወኪሉ ይመታል» ብለው ይመልሳሉ። ልክ የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ባለቤታቸው፥ «ኧረ እሱ መች ተነካ!» ሲሉ ድምፃቸው በድምፃቸው ላይ ይወድቃል።

«ይመታል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ወኪሉ ሰውን ይመታል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የተመታው ራሱ ወኪሉ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። በጆሮ የሚለየው ነገር በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ እዚህ ደግሞ መለያው ድምፅ በሴትዮዋ ቃል ተሸፍኗል። የጭሰኛን በደል ወይም የጭሰኛን እምቢተኝነት የሚጽፍ የታሪክ ሰው የሚቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ቸኩሎ የሚሠራ ጸሐፊ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል። አንደኛው የሴትዮዋን ቃል እንደ ሁካታ ቆጥሮ መተው ነው። ሁለተኛው የበለጠ ስውር ነው፤ «ወኪሉ ካልተነካማ ሽማግሌው ላልቶ ነው የተናገሩት» ብሎ በእርሳቸው ቃል የባላቸውን ቃል ይፈታል። ነገር ግን «ኧረ» የሚለው ቃል በአብዛኛው የሚመጣው የተባለውን ለመቃወም ነው። ምናልባት ሽማግሌው ጠብቀው ተናግረው፥ ሴትዮዋ አልቀበልም ማለታቸው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ተለያይተዋል፤ ጸሐፊው ግን አስታረቃቸው። ማስታረቅ የሽማግሌ ሥራ እንጂ የጽሑፍ ገልባጭ ሥራ አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር ቀስ ያለ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይጻፍ ቅጂው በሙሉ ይደመጣል፤ ይህም የእያንዳንዱን ሰው ድምፅና የአነጋገር ልማድ ለመለየት ነው። ድምፆች ወደ ተደራረቡበት ቦታ ሲደረስ የአንደኛው ቃል ብቻ እየተከተሉ እስከ መጨረሻው ይጻፋል፤ ከዚያ ቴፑ ተመልሶ የሁለተኛው ለብቻው ይጻፋል። ጆሮ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይከተልም። በመጨረሻም ሁለቱ ይጋጠሙና መደራረቡ የጀመረበት ቦታ በማዕዘን ቅንፍ ይመለከታል። ይህን ምልክት ከ1960ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፉት አሜሪካዊቱ ጌይል ጄፈርሰን ናቸው፤ በርግጥ ያልተሰማ ቃልንም በክብ ቅንፍ ውስጥ ያኖሩት ነበር። የቡልቡላው መስመር በዚህ ሥርዓት ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

ሽማግሌው፦ መንደሩ ሲደርስ ወኪሉ [(ይመታል)።
ባለቤታቸው፦ [ኧረ እሱ መች ተነካ!

ከግርጌውም «መጥበቁ ወይም መላላቱ አልተለየም» ተብሎ ይጻፋል፤ የቴፑ ቁጥርም ይመዘገባል። ከዚያ ቃሉን ያልሰማ ሌላ ባልደረባ፥ ምን እንደሚጠበቅ ሳይነገረው፥ እንዲያደምጠው ይደረጋል። አስቀድሞ «ይመታል ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን የሁለተኛውን ጆሮ ጥቅም ማጥፋት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ወደ ተናጋሪዎቹ ተመልሶ መጠየቅ ነው፤ ይህም የሚሆነው በሕይወት እያሉ ነውና ሥራው መዘግየት የለበትም።

ለንባብ የተስተካከለው ቅጂ ከዚህ ሙሉ ጽሑፍ በኋላ የሚዘጋጅ ሁለተኛ ሥራ ነው። በእርሱ ውስጥ የተደጋገመ ቃል ይወጣል፤ ሳይጨርስ የተቋረጠው ተናጋሪ ሐሳቡ እስኪያበቃ ይጻፍና የተደረበው ቃል ከሥሩ ይከተላል። «እህ» እና «እሺ» ለማዳመጥ ያህል ከተባሉ ይቀራሉ። ነገር ግን የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ «አዎን» የሚለውን በአፉ ሳይሆን ትንፋሹን ወደ ውስጥ በመሳብ ይመልሳል። በቴፕ ላይ የምትሰማው አንዲት አጭር ትንፋሽ ብቻ ናት። እርስዋ ከተጣለች ጥያቄው መልስ አልባ ይሆናል፤ ስለዚህ «[በትንፋሽ አዎን አሉ]» ተብሎ ይጻፋል።

በቡልቡላ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ንግግሩ በአማርኛና በኦሮምኛ መካከል ይመላለሳል። ሽማግሌው በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ «በዳ» ይወስዱ እንደ ነበር ቢናገሩ፥ «ዳ» ሲጠብቅ ደጋ፥ ሲላላ ደግሞ መጥፎ ማለት ነው። ወደ አርሲ ደጋ የወጣው ከብት በቸልታ ወደ መጥፎ ቦታ ሄደ ተብሎ ይጻፋል ማለት ነው። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ ልዩነቱ ፊደል ደርቦ በመጻፍ ይታያል፤ ቀድሞ በግዕዝ ፊደል የተገለበጡት ጽሑፎች ግን ከቴፑ ጋር ካልተመሳከሩ አይታመኑም።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ዝዋይ ዛሬ ባቱ ትባላለች፤ ባቱ ግን በባሌ የሚገኝ ተራራም ነው። ቡልቡላም ከዝዋይ ወደ አብያታ የሚፈሰው ወንዝ፥ ከተማይቱና በአዲስ አበባ ቦሌ ያለው ሰፈር ናት። በካሴቱ ጀርባ «ቡልቡላ» ብቻ ከተጻፈ፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የትኛዋ እንደ ሆነች የሚያውቀው፥ ጠያቂው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ቦታውንና ቀኑን በራሱ ድምፅ ተናግሮ ከቀረጸው ብቻ ነው።