«ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ሲባል ምን ማለት ነው? የማሳ ሙከራ ውጤትን፣ ፒ-ቫሊዩንና የመተማመኛ ወሰንን ስለ ማንበብ የተዘጋጀ ማብራሪያ

የማብራሪያው ዓላማ

በአርሶ አደር ማሳ ላይ የተካሄዱ የማዳበሪያ፣ የዘርና የአዘራር ዘዴ ሙከራዎች ሪፖርት ሲቀርብ በማጠቃለያው ላይ «በሁለቱ መካከል ስታቲስቲካዊ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» የሚል ዐረፍተ ነገር በተደጋጋሚ ይነበባል። ብዙ አንባቢዎች ይህን «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አዲሱ ጥቅም የለውም» ብለው ይረዱታል። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ ይህን አይልም። በተሳሳተ አረዳድ ምክንያት የሚጠቅም ግብዓት ያለ በቂ ማስረጃ ሊጣል፣ ወይም ወጪውን የማይመልስ ግብዓት በብድር ሊገዛ ይችላል።

ይህ ማብራሪያ የሙከራ ሪፖርት ለሚደርሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ አርሶ አደሮችና ለስታቲስቲክስ አዲስ ለሆኑ የግብርና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። በውስጡ የቀረቡት የምርት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ ከአንድ የተወሰነ አካባቢ የተገኙ ውጤቶች አይደሉም።

ምሳሌ፦ በአሥር አርሶ አደሮች ማሳ የተካሄደ የስንዴ ሙከራ

አንድ ማኅበር ለአባላቱ አዲስ የማዳበሪያ ዓይነት ከማቅረቡ በፊት በአሥር አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ሙከራ አደረገ እንበል። በእያንዳንዱ ማሳ ላይ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ እኩል መደቦች ተለዩ። አዲሱ ማዳበሪያ በየትኛው መደብ ላይ እንደሚውል በሳንቲም ዕጣ ተወሰነ፤ በሌላው ላይ የተለመደው ማዳበሪያ ተደረገ። ዘሩ፣ የተዘራበት ቀንና አረሙ የታረመበት ጊዜ ለሁለቱም መደቦች አንድ ዓይነት ነበር።

ምርቱ ተወቅቶና በእኩል ደረጃ ደርቆ ከተመዘነ በኋላ፣ አዲሱ ማዳበሪያ ካስገኘው ምርት ላይ የተለመደው ያስገኘው ሲቀነስ የሚከተለው ልዩነት በኩንታል በሄክታር ተገኘ፦

11፣ 7፣ 6፣ 5፣ 3፣ 3፣ 1፣ 0፣ −2፣ −4

ሰባት አርሶ አደሮች ጭማሪ አግኝተዋል፤ የአንዱ እኩል ሆኗል፤ የሁለቱ ደግሞ ቀንሷል። የልዩነቶቹ ድምር 30 ስለሆነ አማካዩ በሄክታር 3 ኩንታል ነው። የአዲሱ ማዳበሪያ ተጨማሪ ወጪ በስንዴ ዋጋ ሲሰላ በሄክታር 2 ኩንታል ያህል ነው እንበል። ስለዚህ የማኅበሩ ጥያቄ «ልዩነት አለ ወይስ የለም?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ጭማሪው ከ2 ኩንታል ይበልጣል ወይ?» የሚልም ነው።

ፒ-ቫሊዩ የሚለካው ምንድን ነው?

ለጊዜው ሁለቱ ማዳበሪያዎች በእርግጥ አንድ ናቸው ብለን እናስብ። እንዲህ ከሆነ የታየው ልዩነት ሁሉ የመጣው ከመሬቱ ነው ማለት ነው። 11 ኩንታል ጭማሪ የታየበት ማሳ አንዱ መደብ ከሌላው የተሻለ አፈር ነበረው፤ ዕጣውም አዲሱን ማዳበሪያ በተሻለው መደብ ላይ ጣለው። ሳንቲሙ በሌላው ገጽ ወድቆ ቢሆን ኖሮ የዚያ ማሳ ልዩነት 11 መሆኑ ቀርቶ −11 ይሆን ነበር።

ልዩነታቸው ዜሮ ያልሆነው ዘጠኝ ማሳዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ዕጣው በሁለት መንገድ ሊወድቅ ስለሚችል በጠቅላላው 512 የዕጣ አወዳደቆች አሉ። እነዚህ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ፣ ድምሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ አልያም −30 ወይም ከዚያ በታች የሚሆነው በ38ቱ ብቻ ነው። 38 ለ512 ሲካፈል 0.07 ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር ፒ-ቫሊዩ ይባላል። በኮምፒውተር የሚዘወተረው ቲ-ቴስት የተባለው ስሌት ለእነዚሁ ቁጥሮች 0.06 ይሰጣል። መንገዱ ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው።

በቃላት ሲገለጽ፣ ፒ-ቫሊዩ ማለት በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የሚታይበት ዕድል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። 0.07 ማለት «ሁለቱ ማዳበሪያዎች አንድ የመሆናቸው ዕድል 7 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። ስሌቱ የተጀመረው አንድ ናቸው ከሚል ግምት ስለሆነ፣ የግምቱን የራሱን እውነተኛነት መልሶ ሊለካ አይችልም። የሚናገረው የታየው ውጤት ከግምቱ ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም ብቻ ነው።

ፒ-ቫሊዩ ከ0.05 ሲያንስ ውጤቱን «ጉልህ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ በስፋት የታወቀው በእንግሊዝ አገር በሮዛምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አማካይነት ነው። ወሰኑ ሰዎች ለሥራ እንዲያመቻቸው የተስማሙበት እንጂ ከተፈጥሮ የተገኘ መስመር አይደለም። 0.04 እና 0.06 የተገኘባቸው ሁለት ሙከራዎች የያዙት ማስረጃ ተቀራራቢ ነው፤ አንዱን «ሠራ»፣ ሌላውን «አልሠራም» ማለት ተገቢ አይሆንም።

የመተማመኛ ወሰን

በምሳሌው የተገኘው 3 ኩንታል ከአሥር ማሳዎች የተወሰደ ግምት ነው። ሌሎች አሥር ማሳዎች ተመርጠው ቢሆን ኖሮ አማካዩ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችል ነበር። የመተማመኛ ወሰን ይህን መዋዠቅ በግልጽ ያስቀምጣል።

ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ማሳ ልዩነት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል፤ ርቀቶቹ በራሳቸው ተባዝተው ይደመራሉ። በምሳሌያችን ድምሩ 180 ነው። ይህ ከማሳዎቹ ቁጥር አንድ ተቀንሶ፣ ማለትም ለ9 ሲካፈል 20 ይሆናል። 20 እንደገና ለ10 ማሳዎች ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 1.41 ይመጣል። ይህ የአማካዩ መደበኛ ስህተት ይባላል። ለአሥር ማሳዎች ከሰንጠረዥ የሚወሰደው ማባዣ 2.26 ሲሆን፣ በ1.41 ሲባዛ 3.2 ይሆናል። ስለዚህ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ3 ላይ 3.2 በመቀነስና በመደመር ከ−0.2 እስከ 6.2 ኩንታል ይሆናል።

«95 በመቶ» የሚለው ስለ ዘዴው የተነገረ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ሙከራ ተደርጎ ለእያንዳንዱ ወሰን ቢሠራ፣ ከመቶው ወሰኖች 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ልዩነት ይይዙታል ማለት ነው። ወሰኑ እያንዳንዱ አርሶ አደር የሚያገኘውን ጭማሪ አያመለክትም፤ በምሳሌው እንደታየው በግለሰብ ደረጃ ልዩነቱ ከ−4 እስከ 11 ነበር።

«ጉልህ አይደለም» የሚለው ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ሊይዝ ይችላል

የምሳሌው ወሰን ዜሮን ስለሚያቅፍ ውጤቱ በ0.05 ደረጃ ጉልህ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ወሰን በሄክታር 20 ኪሎ ግራም ከሚሆን መጠነኛ ጉዳት ጀምሮ ከ6 ኩንታል በላይ እስከሚደርስ ከፍተኛ ጥቅም ድረስ ያሉትን ሁሉ ይዟል። ወጪውን የሚመልሰው 2 ኩንታልም በመካከሉ ይገኛል። ስለዚህ ትክክለኛው ንባብ «ማዳበሪያው አይጠቅምም» ሳይሆን «ይህ ሙከራ ጥያቄውን አልወሰነም» የሚል ነው።

አሁን በሌላ ወረዳ በተካሄደ ተመሳሳይ ሙከራ አማካይ ጭማሪው 0.2 ኩንታል፣ የመተማመኛ ወሰኑም ከ−0.5 እስከ 0.9 ኩንታል ሆነ እንበል። ይህም ጉልህ አይደለም። ነገር ግን የወሰኑ ከፍተኛ ጫፍ እንኳ 1 ኩንታል ስለማይሞላ፣ በዚያ አካባቢና በዚያ ወቅት ማዳበሪያው የ2 ኩንታል ወጪውን ይመልሳል ብሎ ለማሰብ የሚያበቃ መሠረት የለም። ሁለቱ ሪፖርቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢደመደሙም የመጀመሪያው ተጨማሪ ሙከራ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ለውሳኔ በቂ ነው።

በተቃራኒው በብዙ ማሳዎች ተሞክሮ ከ0.1 እስከ 0.7 ኩንታል የሆነ ወሰን ቢገኝ ውጤቱ ጉልህ ይባላል። ይህም ሆኖ ጭማሪው ወጪውን አይመልስም። «ጉልህ» የሚለው ቃል ልዩነቱ ከዜሮ መለየቱን እንጂ ማትረፉን አይገልጽም።

የማሳዎች ቁጥር ማነስ የሚያስከትለው ችግር

የመጀመሪያው ሙከራ ያልወሰነው ለምንድን ነው? ማሳዎቹ እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚለያዩና ቁጥራቸው አሥር ብቻ ስለሆነ ነው። እውነተኛው ጭማሪ በትክክል 3 ኩንታል ቢሆን እንኳ፣ በማሳዎች መካከል ያለው መለያየት በምሳሌው የታየውን ያህል ከሆነ፣ በአሥር ማሳዎች የሚደረግ ሙከራ «ጉልህ» የሚል ውጤት የሚያገኘው ከሁለት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የማሳዎቹ ቁጥር ወደ 20 ከፍ ቢል ይህ ዕድል ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። የወሰኑን ስፋት በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ አራት እጥፍ፣ ማለትም 40 ያህል ማሳዎች ያስፈልጋሉ።

ቁጥሩን ለማሟላት ከአንድ መደብ ውስጥ አራት ቦታ ላይ ናሙና አጭዶ እንደ አራት ማሳ መቁጠር ግን ስህተት ነው። አራቱ ናሙናዎች አንድ አፈር፣ አንድ አራሽና አንድ ዕጣ ስለሚጋሩ አዲስ ማስረጃ አይሆኑም። እንዲህ ከተቆጠሩ ወሰኑ ከእውነታው ይልቅ ጠባብ፣ ፒ-ቫሊዩውም ያነሰ ሆኖ ይታያል። ሪፖርቱ በአሥር አርሶ አደሮች ስም ተጀምሮ ሠንጠረዡ ላይ 40 ምልከታ ከተጻፈ ይህ ሊሆን ስለሚችል ማብራሪያ መጠየቅ ይገባል።

እንዲሁም አዲሱ ማዳበሪያ በዕጣ ሳይሆን በምርጫ በተሻለው መደብ ላይ ተደርጎ ከነበረ፣ ፒ-ቫሊዩውም ሆነ የመተማመኛ ወሰኑ ስህተቱን አያርሙትም። ሁለቱም ስሌቶች የሚመለከቱት በአጋጣሚ የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው።

ሪፖርት ሲደርስዎ የሚመለከቷቸው ነጥቦች

1. ሙከራው በስንት ማሳዎች ተካሄደ? መደቦቹስ በዕጣ ተመደቡ?
2. አማካይ ልዩነቱና የመተማመኛ ወሰኑ በኩንታል ተገልጸዋል? ፒ-ቫሊዩ ብቻ ከቀረበ ወሰኑ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።
3. ተጨማሪ ወጪውን የሚመልሰው ጭማሪ ስንት ኩንታል ነው? ይህን በወቅቱ የግብዓትና የእህል ዋጋ አስልተው ከወሰኑ ጋር ያነጻጽሩ።
4. ወጪ መላሹ ቁጥር ከወሰኑ በላይ ከዋለ ግብዓቱ አያዋጣም፤ ከወሰኑ በታች ከዋለ ያዋጣል፤ በወሰኑ ውስጥ ከዋለ ደግሞ ሙከራው ገና አልወሰነም።

በአራተኛው ነጥብ መሠረት ያልወሰነ ሙከራ ያጋጠመው ማኅበር ግብዓቱን ለሁሉም አባላት ከማከፋፈሉ ወይም ፈጽሞ ከመተዉ በፊት፣ በሚቀጥለው የመኸር ወቅት ተጨማሪ ማሳዎችን ያካተተ ሙከራ እንዲካሄድ ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ሊመክር ይችላል።